የገዛ ድምፅን ማድመጥ

ሰው የገዛ ድምፁን በመቅጃ ባደመጠ ጊዜ «ይህስ የእኔ አይደለም» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሚናገርበት ሰዓት ድምፁ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ስለሚደርስ ለእርሱ ወፍሮ ይሰማዋል፤ መቅጃው ግን በአየር የመጣውን ብቻ ይመልስለታል። ከዚህም በላይ አንጎል፣ የራሱ አንደበት ለሚያወጣው ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ በንግግር ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል፤ ኅሊናም የሚቀጥለውን ቃል በማሰናዳት ተይዟልና፣ ተናጋሪ የሚሰማው ያለውን ሳይሆን ሊል ያሰበውን ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የእኅቴ ልጅ ለሥራ ፈተና ራሱን የሚያስተዋውቅበትን የአንድ ደቂቃ ንግግር ሲለማመድ ይህንኑ አየሁ። ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ጽሑፍ ሳይዝ ተናገረ። «‹ማለት ነው› ስንት ጊዜ አልህ?» ብለው፣ «ሁለቴ ቢሆን ነው፣ ጋሼ» አለኝ። መልሶ እያደመጠ፣ «እ…» የምትለዋን እንኳ ሳይተው እንደ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ቃል በቃል ሲያሰፍረው ግን «ማለት ነው» 9 ጊዜ ተገኘ።

ቁጥሩ ያሳፍር እንደ ሆነ እንጂ ብዙ አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ሥፍራው ነው። ከ9ኙ 6ቱ የወደቁት የቀድሞ ሥራውን ለምን እንደ ለቀቀ በሚናገርበት አንቀጽ ውስጥ ነበር፤ የእናቱን ሕመም ያንሣ ወይስ ይተው ገና አልቆረጠም ነበርና፣ አንደበቱ ውሳኔውን እየጠበቀ ባዶውን ጊዜ በ«ማለት ነው» ይሞላው ነበር። «እናቴን ላስታምም ለቀቅሁ» ለማለት ከቆረጠ በኋላ፣ በሁለተኛው ቅጂ ከ6ቱ አንዲት ብቻ ቀረች። በመነሻው ያለችውን «እንግዲህ» ግን አላስነካሁትም፤ እርሷ ሰሚውን የምታሰናዳ ናትና።

ጥድፊያ ደግሞ የተገኘው ከዚህ በተቃራኒው፣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ በቃሉ ባጠናው ክፍል ነው። «ሦስት ዓመት በአንድ መጋዘን አገለገልኩ» የሚለው 20 ፊደል ነው፤ 3 ሴኮንድ ያህል ፈጀበት። «በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ» የሚለውም እንዲሁ 20 ፊደል ሲሆን 2 ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ አለፈ። ሰውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሱ ጋር ማመዛዘን ይበጃል፤ የአንዱ ልማድ ለሌላው ጥድፊያ ሊሆን ይችላልና። በአማርኛ ደግሞ ጥድፊያ ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚጠብቅ ፊደል ከሚላላው የሚለየው በቆይታው ነውና፣ የ«አለኝ» ለ ጊዜዋን ስትነጠቅ ላልታ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ዲግሪ የነገረው ሰው መስሎ ተሰማ።

በሦስተኛው ቅጂ ስሙን ተናግሮ ትንሽ እንዲያርፍ ነገርሁት። «ዝም ማለቴ በዛ፣ ሰዎቹ የጠፋብኝ ይመስላቸዋል» ብሎ ተቆጣ። መቅጃውን ወደ ኋላ መልሰን ሰዓቱን ስናይ፣ ያረፈው አንድ ሴኮንድ ከግማሽ አልሞላም።