ከአማካዩ በፊት መሬቱ ይጠየቅ

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለጠቅላላ ጉባኤው በሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ጎላ ብለው ይነበባሉ፤ በሄክታር የተገኘው ምርትና ጠቅላላ ምርቱ። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው የታጨደው መሬት ስፋት ነው። ጠቅላላ ምርቱ ለመሬቱ ሲካፈል የሄክታሩን ምርት ካልሰጠ፣ ከሦስቱ ቁጥሮች ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል።

አባላቱ በሦስት ጎጦች ስንዴ የዘሩ አንድ ማኅበር አለ እንበል። የመጀመሪያው ጎጥ ከ120 ሄክታር በሄክታር 40 ኩንታል፣ ሁለተኛው ከ60 ሄክታር 30 ኩንታል፣ ሦስተኛው ከ20 ሄክታር 20 ኩንታል አገኙ። እንደ ቅደም ተከተላቸው 4,800፣ 1,800 እና 400 ኩንታል ይሆናል፤ ድምሩ 7,000 ነው። ጸሐፊው ግን 40፣ 30 እና 20ን ደምሮ ለሦስት አካፈለና “አማካይ ምርት በሄክታር 30 ኩንታል” ብሎ ጻፈ። ይህ ስሌት 20 ሄክታር ያለውን ጎጥ 120 ሄክታር ካለው ጋር እኩል ያደርገዋል። ትክክለኛው 7,000 ለ200 ሲካፈል የሚገኘው 35 ኩንታል ነው። በተሳሳተው አማካይ የመጋዘንና የጆንያ ዕቅድ ቢወጣ፣ 1,000 ኩንታል እህል ማረፊያ ያጣል።

ስሌቱ ቢገጥምም መነሻው ሊሳሳት ይችላል። ብዙ ገበሬ መሬቱን የሚናገረው በጥማድ ነው፤ በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይባላል፤ የጥማድ ስፋት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሄክታሩ የመጣው ከልኬት ይሁን ከግምት መጠየቅ አለበት።

የኩንታሉን እውነት ማሳው ላይ ማየት የሚቻለው በናሙና አጨዳ ነው። በዕጣ በተመረጠ ቦታ አራት ሜትር በአራት ሜትር ይከለልና ታጭዶ፣ ተወቅቶ ይመዘናል። ሄክታር የዚህ 625 እጥፍ ስለሆነ፣ 5.6 ኪሎ ስንዴ ከተገኘ በሄክታር 35 ኩንታል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው እርጥበት ነው። እርጥበቱ 18 በመቶ ሳለ 6 ኪሎ የመዘነ ስንዴ 37.5 ኩንታል ያስመስላል፤ ወደ 12.5 በመቶ ሲደርቅ ግን 35 አካባቢ ይወርዳል። በ200 ሄክታር ላይ ልዩነቱ ከ400 ኩንታል ይበልጣል። ደግሞም በጥንቃቄ የታጨደ ናሙና በአጨዳ፣ በውቂያና በማጓጓዝ የሚባክነውን አያሳይም፤ ስለዚህ ወደ ጎተራ የሚገባው ከናሙናው ስሌት ማነሱ አይቀርም። እኩል ሆኖ ከተጻፈ፣ ምናልባት ማንም ሳይመዝነው ከናሙናው ተባዝቶ የተገኘ ነው።

የማኅበሩ አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ ሪፖርቱን በእጅ ብልጫ ከማጽደቃችሁ በፊት የእያንዳንዱ ጎጥ የታጨደ መሬትና የተመዘነ ምርት ጎን ለጎን ተጽፎ እንዲቀርብ ጠይቁ፤ እህሉ ሲመዘን የነበረው እርጥበትም አብሮ ይጻፍ።