አምስት ትዕዛዝ ምን ያህል ይናገራል?

የሐበሻ ቀሚስ በፌስቡክ የምትሸጥ ነጋዴ ለአንድ ቀሚስ ሁለት ማስታወቂያ አሠራች እንበል። በአንዱ ቀሚሱን ሞዴል ለብሳዋለች፤ በሌላው ጥለቱ ብቻ ከቅርብ ተነስቶ ይታያል። ለእያንዳንዱ 4,200 ብር ወጣ። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱም እኩል 140 ክሊክ አግኝተዋል፤ ሞዴሏ ያለችበት ግን 5 ትዕዛዝ ሲያመጣ የጥለቱ ያመጣው 1 ብቻ ነው።

ሒሳቡ ግልጽ ይመስላል። አንድ ትዕዛዝ ለማግኘት በመጀመሪያው ማስታወቂያ 840 ብር፣ በሁለተኛው 4,200 ብር ወጥቷል። ከአንድ ቀሚስ የሚተርፋት 1,500 ብር ከሆነ አንዱ ያተርፋል፣ ሌላው ያከስራል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የጥለቱን ዘግቶ ብሩን በሙሉ ወደ ሞዴሏ ያዞራል። ማስታወቂያውን የሚሠራላት ባለሙያ ካለም "ሰው የለበሰው ይሸጣል" ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ጥለት ብቻውን አይነሳም።

አሁን ሁለቱ ማስታወቂያዎች ፍጹም እኩል ናቸው ብለን እናስብ። እኩል ከሆኑ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከአንዱ ወይም ከሌላው የመምጣት ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው፤ ስድስት ጊዜ ሳንቲም እንደመወርወር። ስድስት ውርወራ በ64 ዓይነት መንገድ ሊወጣ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ በ14ቱ አንዱ ወገን አምስት ወይም ስድስቱን ይወስዳል። ይህ ከመቶ 22 ነው። ምንም ልዩነት የሌላቸው ሁለት ማስታወቂያዎች ስድስት ትዕዛዝ ሲካፈሉ ከአምስት ጊዜ አንዴ በላይ 5 ለ1 ወይም ከዚያ የባሰ ውጤት ያሳያሉ ማለት ነው። የሞዴሏ ማስታወቂያ በእርግጥም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስድስት ትዕዛዝ ግን ይህን አያረጋግጥም።

አሸናፊው ራሱም ቢሆን የሚመስለውን ያህል የታወቀ አይደለም። 5 ትዕዛዝ ያመጣ ማስታወቂያ በተመሳሳይ ወጪ ደጋግሞ ቢለቀቅ አማካዩ ከ2 በታች እስከ 12 አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ስታትስቲክስ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት የሚሰጠው ክልል ይህን ያህል ሰፊ ነው። ወደ ብር ሲቀየር አንድ ትዕዛዝ የሚፈጀው ከ360 ብር እስከ 2,600 ብር ይሆናል። 840 የሚለው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል እንጂ በውስጡ ጥሩ ትርፍም ከባድ ኪሳራም ተሸክሟል። ትዕዛዙ 100 ቢሆን ኖሮ ክልሉ ከ81 እስከ 122 ይጠብ ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። "ክሊኩ እኮ ብዙ ነው" ይላሉ። እርግጠኝነቱን የሚወስነው በዋናነት የትዕዛዙ ብዛት ነው። 5 ትዕዛዝ ከ140 ክሊክም ቢመጣ ከ14,000 ክሊክ፣ ቁጥሩ የሚወዛወዘው በዚያው መጠን ነው።

ማስታወቂያው ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሥር እኩል የሆኑ ማስታወቂያዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 3 ትዕዛዝ የሚያመጡ ቢሆኑ፣ በአንድ ዙር ቢያንስ አንዱ 6 ወይም ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። ቢያንስ አንዱ ዜሮ የሚወጣበት ዕድልም ከመቶ 40 ነው። ስለዚህ "ኮከብ" እና "ሬሳ" ሁልጊዜ ይገኛል። ኮከቡ በሚቀጥለው ሳምንት ብሩ ሲጨመርለት ወደ ሦስት ይመለሳል፤ ያኔ "ማስታወቂያው አረጀ" ወይም "ፌስቡክ አልጎሪዝሙን ቀየረ" ይባላል። ያረጀ ነገር ላይኖር ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ዕድል ቀንቶት ነበር። ውጤቱን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በከተማ፣ በስልክ ዓይነት መከፋፈልም ያው ነው። አምስት ትዕዛዝ በአራት የዕድሜ ክልል ሲበተን "ከ25 እስከ 34 ያሉት ብቻ ይገዛሉ" የሚል ግኝት ከባዶ ይወለዳል።

ትዕዛዙ ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱን በስም ማየት ስለሚቻል፣ ከቀመሩ በፊት እሱን ማድረግ ይሻላል። ከአምስቱ አንዷ ማስታወቂያውን አይታ የደወለች የአክስት ልጅ ከሆነች፣ ሌላዋ ደግሞ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ደንበኛ ከሆነች፣ በእርግጥ ማስታወቂያው ያመጣው 3 ነው። የጥለቱን አይቶ በስልክ ያዘዘና ማንም ያልመዘገበው ሰውም ሊኖር ይችላል። አንድ ደዋይ ከየትኛው እንደመጣ ሳይጠየቅ ቢቀር፣ 5 ለ1 የነበረው በአንድ ጥሪ 5 ለ2 ይሆናል። መቶ ትዕዛዝ ላይ ግን አንድ ጥሪ ምንም አይለውጥም።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ከመቶ ክሊክ 2 ትዕዛዝ የሚያመጣውን 4 ከሚያመጣው በአስተማማኝ ለመለየት ለእያንዳንዱ ወደ 1,160 ክሊክ ያስፈልጋል። በዚህች ነጋዴ ዋጋ፣ ክሊኩ በ30 ብር፣ ለአንዱ ወደ 35,000 ብር ይጠጋል። የፌስቡክ ሥርዓት ራሱ እንኳ የአንድ ማስታወቂያ ስብስብ ውጤት እንዲረጋጋ በሰባት ቀን ውስጥ ወደ 50 ውጤት ይፈልጋል፤ ያን ካላገኘ "Learning limited" ብሎ ይጽፍበታል።

ያን ያህል ብር ለሌለው ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከትዕዛዝ ቀድሞ የሚመጣውንና በብዛት የሚገኘውን መቁጠር ነው፤ በውስጥ መስመር የገባ መልእክት። የሞዴሏ ማስታወቂያ 38 ሰው፣ የጥለቱ 31 ሰው አስጽፎ ከሆነ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የአምስት እጥፉ ልዩነት እዚህ አይታይም። ጉድለቱ ግን አለ። "ዋጋው ስንት ነው?" ብሎ የሚጠፋ ሰው ብዙ ነውና መልእክት ያበዛ ሁሉ ሽያጭ አያበዛም።

ሁለተኛው የመዝጊያውን መስመር አስቀድሞ መወሰን ነው። ትርፏ 1,500፣ ክሊኩ 30 ብር ስለሆነ፣ ላለመክሰር በየ50 ክሊኩ አንድ ትዕዛዝ ያስፈልጋታል፤ ከመቶ 2 መሆኑ ነው። አንድ ትዕዛዝ እንኳ ያልመጣበት ማስታወቂያ ሲሆን ቀላል ሕግ አለ፦ 3ን ለክሊኩ ብዛት ማካፈል። 150 ክሊክ ዜሮ ትዕዛዝ ካመጣ፣ 3 ለ150 ከመቶ 2 ነውና፣ እውነተኛው ውጤት በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ከዚያ በታች ነው። ያ ማስታወቂያ ይዘጋ። 40 ክሊክ ላይ ዜሮ ከሆነ ግን እውነተኛው ውጤት እስከ 7.5 ከመቶ ሊደርስ ይችላልና ምንም አልተወሰነም። የጥለቱ ማስታወቂያ ደግሞ 1 ትዕዛዝ ስላለው ይህ ሕግ አይደርስበትም።

እኔ ብሆን ሁለቱንም ሳልነካ ሌላ ሁለት ሳምንት አስኬዳቸው ነበር። ለዚህ ብር ከሌለ፣ አንዱን በዋጋው ወይም በደስታ መርጦ "ሞዴል ይሻላል" የሚለውን ከሪፖርቱ ማስወጣት ነው። በየማለዳው ስልክ ከፍታችሁ ቁጥሩን የምትፈትሹም፣ የምትዘጉበትን ክሊክ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከከፈላችሁ በኋላ የሚጻፈው መስመር ሁልጊዜ ወደምትወዱት ማስታወቂያ ያደላል።