«12 በመቶ» ከ«18 በመቶ» የሚበልጥበት የብድር ስሌት

ሁለት አበዳሪዎች ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ እያንዳንዳቸው 12 ሺህ ብር ለአንድ ዓመት ለማበደር ፈቃደኛ ሆኑ እንበል። የመጀመሪያው ወለዱ 12 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ 18 በመቶ ይጠይቃል። ሁለቱም ብድሩ በየወሩ እኩል በሆነ ክፍያ ከደመወዝ እየተቆረጠ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። ሠራተኛው የተነገረውን መቶኛ ብቻ ተመልክቶ ቢወስን የመጀመሪያውን እንደሚመርጥ አያጠራጥርም። ይሁንና ዓመቱ ሲጠናቀቅ ለመጀመሪያው አበዳሪ 13 ሺህ 440 ብር፣ ለሁለተኛው ግን 13 ሺህ 202 ብር ገደማ ከፍሎ ይገኛል። አነስተኛ ይመስል የነበረው ወለድ በ238 ብር በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ልዩነቱን የፈጠረው የስሌት ስህተትም ሆነ የተደበቀ ክፍያ አይደለም። ሁለቱ አበዳሪዎች «በመቶ» ሲሉ የተናገሩት ስለተለያዩ ነገሮች በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው የተጠቀመው በተለምዶ «ፍላት» ተብሎ የሚጠራውን ስሌት ሲሆን፣ በዚህ አሠራር ወለዱ የሚታሰበው ተበዳሪው መጀመሪያ በተቀበለው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወለዱን ያሰበው በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ሲሆን፣ ይህም «ዲክላይኒንግ» በመባል ይታወቃል። እዚህ ላይ «ፍላት» የሚለው ቃል በውሉ ዘመን የማይለወጥ ወለድ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰበውም ወለድ መቶኛው ሳይለወጥ ሊዘልቅ ይችላል። ልዩነቱ ያለው መቶኛው በምን ላይ እንደሚባዛ ነው።

የፍላት ስሌት ለመሥራት እጅግ ቀላል ነው። 12 ሺህ ብር በ12 በመቶ ሲባዛ 1 ሺህ 440 ብር ይሆናል። ይህ ከዋናው ብድር ጋር ተደምሮ ለ12 ወራት ሲካፈል ወርሃዊው ክፍያ 1 ሺህ 120 ብር ይመጣል። ከዚህም ውስጥ 1 ሺህ ብሩ ለዋናው ዕዳ፣ 120 ብሩ ደግሞ ለወለድ ይያዛል። ለገጠርና ለከተማ አነስተኛ ተበዳሪዎች ብድር የሚሰጡ ተቋማት ይህን ስሌት ሲመርጡ የኖሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ቅለቱ ነው። የብድር ሠራተኛው ያለ ኮምፒውተር በደብተሩ ላይ ሊሠራው፣ ተበዳሪውም በየወሩ የሚከፍለውን በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ሌላው ምክንያት ግን መቶኛው ዝቅ ብሎ መታየቱ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም።

ችግሩ የሚታየው ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ነው። በመጀመሪያው ወር ተበዳሪው በእጁ የያዘው 12 ሺህ ብር በመሆኑ የ120 ብሩ ወለድ የወሩ 1 በመቶ ነው፤ በዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ የለም። በሰባተኛው ወር ግን ግማሹን ዕዳ መልሶ በእጁ የቀረው 6 ሺህ ብር ብቻ ነው። የሚከፍለው ወለድ ግን አሁንም 120 ብር ስለሆነ የወሩ ወለድ 2 በመቶ ደርሷል። በመጨረሻው ወር የቀረበት ዕዳ 1 ሺህ ብር ሲሆን፣ ለዚህች ገንዘብ የአንድ ወር ወለድ 120 ብር ይከፍላል። ይህም በአንድ ወር ብቻ 12 በመቶ ነው። በአጭሩ ተበዳሪው ቀደም ብሎ ለመለሰው ገንዘብ ጭምር ወለድ ሲከፍል ይቆያል።

በየወሩ መጀመሪያ በእጁ የነበረው ዕዳ ተደምሮ ለ12 ሲካፈል በአማካይ 6 ሺህ 500 ብር ብቻ ሆኖ ይገኛል። 1 ሺህ 440 ብር የተከፈለው እንግዲህ ለ12 ሺህ ብር ሳይሆን በአማካይ ለ6 ሺህ 500 ብር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ወለዱ ወደ 22 በመቶ ይጠጋል። ያው 12 በመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ ታስቦ ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ጠቅላላ ወለድ 794 ብር ገደማ ብቻ በሆነ ነበር።

ዓመታዊ የብድር ዋጋ ምጣኔ፣ በእንግሊዝኛው ምህጻር ኤ.ፒ.አር. የሚባለው፣ የተፈጠረው እንዲህ ዓይነቶቹን የተለያዩ አነጋገሮች በአንድ መለኪያ ለማነጻጸር ነው። ምጣኔው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ተበዳሪው በእርግጥ የተቀበለው ገንዘብና በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ከታወቁ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ ሲታሰብ ሁለቱን የሚያመዛዝነው ወለድ ስንት ነው የሚል ነው። በምሳሌያችን ይህ ወለድ በወር 1.788 በመቶ፣ በዓመት ደግሞ 21.46 በመቶ ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም ትክክለኛው ንጽጽር 12 ከ18 ጋር ሳይሆን 21.46 ከ18 ጋር ነው።

መለኪያው በሕግ ግዴታ እንዲሆን በተደረገባት በአሜሪካ ጉዳዩ ቀላል ትግል አልጠየቀም። የኢሊኖይ ሴናተርና የምጣኔ ሀብት ምሁር የነበሩት ፖል ዳግላስ ረቂቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ ሕጉ የጸደቀው ግን እርሳቸው ከምክር ቤቱ ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከሐምሌ ወር 1969 ጀምሮ የአገሪቱ አበዳሪዎች ከውል በፊት ይህን ምጣኔ ለተበዳሪው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

ምጣኔው ከወለድ ስሌት ባሻገር የሚያጋልጠው ሌላም ነገር አለ፤ ይህም ከብድሩ ላይ በቅድሚያ የሚቆረጥ ክፍያ ነው። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የ12 በመቶ ፍላት ብድር ላይ አበዳሪው 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቀንሳል ብንል፣ ተበዳሪው የሚረከበው 12 ሺህ ሳይሆን 11 ሺህ 760 ብር ይሆናል። ወርሃዊው ክፍያ ግን ከ1 ሺህ 120 ብር ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጊዜ ዓመታዊው ምጣኔ ወደ 25.4 በመቶ ያሻቅባል። 240 ብር በገንዘብነቱ ብዙ ባይመስልም፣ ብድሩ አጭር በመሆኑ ምጣኔውን በአራት ነጥብ ገደማ ከፍ አድርጎታል። ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይነካ የሚያዝ የግዴታ ቁጠባም ቢኖር ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ተበዳሪው ሊጠቀምበት ላልቻለው ገንዘብ ወለድ ይከፍላልና።

ስሌቱን ለመሥራት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው የኤክሴል ፕሮግራም የሚከተለው ሲጻፍበት መልሱን ወዲያውኑ ይሰጣል።

```
=RATE(12,-1120,12000)*12
=RATE(12,-1120,11760)*12
```

በቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር የወራቱ ብዛት፣ ሁለተኛው ወርሃዊው ክፍያ፣ ሦስተኛው ደግሞ በእጅ የተረከቡት ገንዘብ ነው። ክፍያው ከኪስ የሚወጣ በመሆኑ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል። ምልክቱ ከተዘነጋ ፕሮግራሙ ስህተት መኖሩን ከማመልከት በቀር መልስ አይሰጥም። የመጀመሪያው መስመር 21.46 በመቶን፣ ሁለተኛው 25.4 በመቶን ያሳያል።

ኮምፒውተር በሌለበት ደግሞ በግምት የሚያገለግል አቋራጭ አለ። የፍላቱን መቶኛ በወራቱ እጥፍ አባዝቶ፣ ለወራቱ ብዛት ሲደመር አንድ ማካፈል ነው። ለ12 ወር ብድር 12 በ24 ተባዝቶ ለ13 ሲካፈል 22.2 ገደማ ይሰጣል፤ ከእውነተኛው 21.46 ብዙም አይርቅም። ሆኖም ብድሩ ረጅም በሆነ ቁጥር አቋራጩ እያጋነነ ይሄዳል። ለአምስት ዓመት የ12 በመቶ ፍላት ብድር 23.6 በመቶ ቢያሳይም እውነተኛው ምጣኔ 20.3 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ብድር እንጂ ለቤት ወይም ለመኪና ብድር መመካት አይገባም።

ውሉ ላይ የትኛው ስሌት እንደተያዘ ሳይገለጽ ቢቀር እንኳ ለማወቅ የሚያስቸግር አይደለም። አበዳሪው ከውሉ ጋር የሚሰጠውን የአከፋፈል ሠንጠረዥ ጠይቆ የወለዱን ዓምድ መመልከት ይበቃል። ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው 120፣ 120፣ 120 እያለ የሚወርድ ከሆነ ስሌቱ ፍላት ነው። በ18 በመቶው ብድር እንደሚታየው በመጀመሪያው ወር 180 ብር ጀምሮ እየቀነሰ በመጨረሻው 16 ብር ገደማ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ በቀሪ ዕዳ ላይ የታሰበ ነው።

ምጣኔው የራሱ ወሰን እንዳለውም መታወቅ ይኖርበታል። ክፍያ ሲዘገይ የሚጣል ቅጣት በውስጡ አይገባም። አገሮችም በአንድ ዓይነት መንገድ አያሰሉትም፤ አሜሪካ የወሩን ወለድ በ12 ስታባዛ፣ የአውሮፓ ኅብረት ግን ወለድ በወለድ ላይ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ አድርጎ ያሰላል። በዚህ ሁለተኛ መንገድ የእኛው 21.46 በመቶ 23.7 በመቶ ተብሎ ይነበባል። ብድሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አነባበቡ ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለት ምጣኔዎችን ለማነጻጸር በአንድ መንገድ የተሰሉ መሆናቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ከሁሉ ይበልጥ ምጣኔው መልስ የማይሰጥበት ጉዳይ ዕዳን አስቀድሞ መክፈል ነው፤ ብድሩ እስከ መጨረሻው ወር እንደሚቆይ አድርጎ የሚያሰላ በመሆኑ። ሠራተኛው ከስድስት ወር በኋላ ገንዘብ አግኝቶ የ12 በመቶ ፍላት ዕዳውን መዝጋት ቢፈልግ ሦስት የተለያዩ ሒሳቦች ሊቀርቡለት ይችላሉ። አበዳሪው የቀሩትን ወራት ወለድ ሙሉ በሙሉ ከጠየቀ 6 ሺህ 720 ብር ይከፍላል፤ በዚህ ጊዜ ቀድሞ በመክፈሉ የሚያተርፈው ነገር አይኖርም። በእውነተኛው ምጣኔ ቢሰላ የቀረበት ዕዳ 6 ሺህ 319 ብር ገደማ ነው። አበዳሪው የቀረውን ዋና ገንዘብ ብቻ ለመቀበል ከተስማማ ደግሞ 6 ሺህ ብር ከፍሎ ይሰናበታል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራበት የሚወስነው ውሉ በመሆኑ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከፊርማ በፊት፣ መልሱም መገኘት ያለበት በጽሑፍ ነው።