ተጨማሪ መረጃ፦ መልሱን ለማረጋገጥ የት ላይ እንተካው?

አንድ ተማሪ 3(x − 4) = 2x + 5 የሚለውን እኩልታ ሲሠራ ቅንፉን በችኮላ ፈትቶ 3x − 4 = 2x + 5 ብሎ ጻፈ እንበል። 3 ከ4 ጋርም መባዛት እንዳለበት ዘንግቷል፤ መልሱም x = 9 ሆነለት። 9ን ራሱ በጻፈው መስመር ላይ ቢተካ ግራውም ቀኙም 23 ስለሚሆን ትክክል ይመስለዋል። ስህተቱ ከዚያ መስመር ቀድሞ ስለተፈጠረ በዚህ መንገድ አይገኝም። በተሰጠው እኩልታ ላይ ሲተካ ግን ግራው 3 × 5 = 15፣ ቀኙ 23 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ x = 17 ነው፤ ሁለቱም ወገን 39 ይሰጣል። ስለዚህ ምንጊዜም የምንተካው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው።

የምንተካበት እኩልታ በሌለበት ስሌት ደግሞ ግምት ይረዳናል። 19.8 × 4.1 ለ20 × 4 ቅርብ ስለሆነ 80 ገደማ እንጠብቃለን። 811.8 ካገኘን ነጥቡ ያለ ቦታው ገብቷል። ትክክለኛውን 81.18 አዛብተን 81.81 ብንጽፍ ግን ሁለቱም ለ80 ስለሚቀርቡ በግምት አንለየውም። ያኔ የመጨረሻዎቹን አኃዞች እናባዛለን፤ 8 × 1 = 8 ስለሆነ መልሱ በ8 ማለቅ አለበት።