የስም ባለቤትና የጥቅም ባለቤት

አንድ ቤት በመዝገብ የተጻፈው በአንድ ሰው ስም ሆኖ ሳለ፣ የቤቱ ኪራይና የሽያጩ ዋጋ ግን በሙሉ ወይም በከፊል የሌሎች ሰዎች ሊሆን ይችላል። ነገሩን በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ በእንግሊዝ አገር ሕግ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ሥርዓት ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤተሰቡ ያዋጣውን ገንዘብ ይዘው በአንዱ ልጅ ስም ቤት የሚገዙበት ጊዜ ስላለ፣ ይህን ልዩነት በቀላል ምሳሌ ለመግለጽ አስበናል።

የሥርዓቱን ምንጭ በአጭሩ እንናገር። በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝ የገቡት የፍራንሲስካውያን መነኮሳት በሥርዓታቸው ንብረት እንዳይኖራቸው ተከልክለው ነበር። ማደሪያ ሊሰጧቸው የወደዱ ሰዎችም ቤቱንና መሬቱን በሌላ ሰው ስም አድርገው፣ መነኮሳቱ እንዲገለገሉበት አደራ ይሉት ነበር። እንደዚሁ ምእመናን መሬታቸውን ለሚስትና ለልጆች ጥቅም በሚያምኑት ወዳጅ ስም ያኖሩ ነበር። የተለመዱት ፍርድ ቤቶች በስሙ የያዘውን ሰው ብቻ ያውቁ ስለ ነበር፣ ባላደራው አደራውን ቢክድ የተበደለው ወገን ወደ ንጉሡ ቻንስለር ይጮኽ ጀመር። ቻንስለሩም በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ነበረ፤ የባላደራውንም ኅሊና መርምሮ፣ «በስም የያዝኸው ላንተ ጥቅም አይደለምና ለታመንህላቸው ሰዎች ጠብቅ» ሲል ያዝዘው ነበር። እንዲህ ሆኖ በአንድ ንብረት ላይ ሁለት ባለቤትነት ተፈጠረ፤ አንዱ የስም ባለቤትነት፣ ሁለተኛው የጥቅም ባለቤትነት ነው። በ1873ና በ1875 በወጡት ሕጎች ሁለቱ የፍርድ ሥርዓቶች በአንድ ፍርድ ቤት ሥር ቢጠቃለሉም፣ ልዩነቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንለፍ። በለንደን የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት ዐርፈዋል፤ እናት፣ ታላቅ ወንድ ልጅና የ15 ዓመት ሴት ልጅ ቀርተዋል። ቤት በ300,000 ፓውንድ ተገዛ። እናት ከቁጠባቸው 150,000፣ ወንድ ልጅ ከደመወዙ ካጠራቀመው 90,000 አዋጡ፤ ከአባቷ ውርስ ለታናሺቱ ከደረሳትም 60,000 ተጨመረ። ይህም ማለት የእናት ድርሻ ከመቶ 50፣ የወንድ ልጅ 30፣ የሴት ልጅ 20 ነው። እናት እንግሊዝኛ ስለማያነቡ «በልጄ ስም ይሁን» አሉ። ታናሺቱም ብትፈልግ እንኳ በስም ባለቤት ልትሆን አትችልም፤ በእንግሊዝ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው የመሬትና የቤት የስም ባለቤት ሆኖ አይመዘገብምና። ስለዚህ በመሬት መዝገብ ቤት የሰፈረው የወንድ ልጅ ስም ብቻ ሆነ።

መዝገቡን የሚመለከት እንግዳ ሰው ቤቱ በሙሉ የእርሱ ነው ይላል። የስም ባለቤትነቱ በእርግጥ የእርሱ ብቻ ነው፤ የኪራይ ውል የሚፈርም፣ ቤቱን ለሽያጭ የሚያቀርብ እርሱ ነው። የጥቅሙ ባለቤቶች ግን ሦስት ናቸው። ቤቱ በወር በ1,500 ፓውንድ ቢከራይና ለእድሳትና ለመድን 300 ቢወጣ፣ የቀረው 1,200 ለእናት 600፣ ለወንድ ልጅ 360፣ ለሴት ልጅ 240 ሆኖ ይከፈላል። ወንድ ልጁ የእኅቱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ከራሱ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ ቢያጠፋው አደራ እንደ በላ ይቆጠራል፤ ከኪሱም ይከፍላል።

የልዩነቱ ኃይል የሚታየው ግን ችግር በመጣ ጊዜ ነው። ወንድ ልጁ ነግዶ ከሰረና በዕዳ ተያዘ እንበል። ባለዕዳዎቹ የሚወስዱት የእርሱ የሆነውን ብቻ ነው፤ በአደራ የያዘው የሌሎች ድርሻ በዕዳው ውስጥ አይገባም። የእርሱን 30 ከመቶ ለማግኘት ፍርድ ቤት ቤቱን ሊያሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱ በ360,000 ቢሸጥ፣ የመሸጫው ወጪ ሳይቆጠር፣ 180,000 ለእናት፣ 72,000 ለእኅት ይሰጣል፤ ለባለዕዳዎቹ የሚደርሰው 108,000 ብቻ ነው። ልጁ ቢሞትም እንደዚሁ ነው። ስሙ ወደ ውርሱ አስፈጻሚዎች ይተላለፋል፤ ሚስቱ ወይም ልጆቹ የሚወርሱት ግን የእርሱን 30 ከመቶ እንጂ የአማቷንና የእኅቱን ድርሻ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አደራው መኖሩ ሲታወቅ ነው። በ1925 የወጣው የንብረት ሕግ፣ በመሬትና በቤት ላይ የሚደረግ አደራ በጽሑፍ ሰፍሮ በተፈረመ ማስረጃ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ጽሑፍ ከሌለ እናት መብታቸውን ሁሉ ያጣሉ ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ገንዘቡ ከማን እንደ ወጣና ቤተሰቡ ምን እንዳሰበ መርምሮ አደራ አለ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ የማስረዳቱ ሸክም በእርሳቸው ላይ ይወድቃል፤ ክርክሩም ዓመታትና ብዙ ወጪ ይፈጃል። ባለዕዳዎቹ ወይም የልጁ ሚስት፣ «እናት ለልጅ የሰጠችው ስጦታ ነው» ብለው ይከራከራሉ።

በተለይ አንድ ወጥመድ እናሳስባለን። ቤቱ ከባንክ ብድር ጋር ሲገዛ፣ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ከዘመድ የመጣው ገንዘብ ስጦታ መሆኑንና ሰጪው በቤቱ ላይ ምንም መብት የማይጠይቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈርማል። እናት ይህን ሳያነቡ ከፈረሙ፣ በኋላ በፍርድ ቤት የሚቀርብባቸው ማስረጃ የገዛ ፊርማቸው ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳት ቤቱን የስም ባለቤቱ ሳያማክር ሲሸጠው ወይም በመያዣ ሲያስይዘው የሚደርሰው ነው። በዚህ ነገር ሁለት የታወቁ ፍርዶች አሉ። በመጀመሪያው፣ ቤቱ በባል ስም ብቻ ተመዝግቦ፣ ሚስት ግን ከዋጋው አዋጥታ በቤቱ ትኖር ነበር። ባል ቤቱን ለባንክ አስይዞ ተበደረ፤ ባንኩም ሚስትን ሳይጠይቅ አበደረ። በ1980 የሎርዶች ምክር ቤት፣ ይኸውም በዚያ ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው፣ በቤቱ የምትኖር ባለድርሻ መብቷ በባንኩ ላይ የጸና ነው ብሎ ፈረደላት።

በሁለተኛው፣ አንዲት ሴት ልጅና ባልዋ ከወላጆቿ ጋር አብረው ሊኖሩ አንድ ቤት በ34,000 ፓውንድ ተገዛ። ሽማግሌዎቹ ወላጆች የራሳቸውን ቤት ሸጠው ከ18,000 በላይ አዋጡ፤ በመዝገብ የገባው ግን የልጅቱና የባልዋ ስም ብቻ ነበረ። ሁለቱ ወላጆቹን ሳያስታውቁ ቤቱን አስይዘው 37,500 ፓውንድ ተበደሩ፤ መክፈልም አቃታቸው። በ1987 ያው ምክር ቤት ለአበዳሪው ፈረደ። ወላጆቹም በቤቱ ይኖሩ ነበር፤ ከግማሽ በላይም አዋጥተው ነበር፤ ታዲያ ለምን ተረቱ?

ምክንያቱ የፊርማው ብዛት ነው። በሕጉ መሠረት ገዢው ወይም አበዳሪው ገንዘቡን ለሁለት ባላደራዎች ከከፈለ፣ የተጠቃሚዎቹ መብት ከቤቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ገንዘቡ ይተላለፋል። ቤቱ ለገዢው ይጠራል፤ ተጠቃሚዎቹ የሚይዙት ባላደራዎቹን ነው። ሁለቱ ገንዘቡን አጥፍተውት እንደ ሆነ ግን መብቱ ባዶ እጅ ያስቀራል። በ1980ው ጉዳይ ግን ገንዘቡን የተቀበለው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ፣ የሚስት መብት ከቤቱ ላይ አልተነሣም።

ይህን በእኛ ቤተሰብ ላይ እናውለው። በስም ባለቤትነት የተመዘገበው አንድ ልጅ ነው። እናትና ታናሺቱ በቤቱ እየኖሩ ልጁ ቢሸጠው፣ መኖራቸው ይጠብቃቸዋል፤ ገዢው መጥቶ ሲጠይቃቸው ግን መብታቸውን ሊደብቁ አይገባም። ቤቱ ተከራይቶ እነርሱ ሌላ ስፍራ ቢኖሩ ግን፣ ዋጋ ከፍሎ ያስመዘገበ ገዢ ቤቱን ነጻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ለዚህ መፍትሔው በመሬት መዝገብ ቤት እገዳ ማስጻፍ ነው። ይህ እገዳ፣ ብቻውን የተመዘገበ ባለቤት ዋጋ ተቀብሎ የሚያደርገው ሽያጭ ወይም መያዣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይመዘገብ ይከለክላል። መዝገቡ የእናትን ስምም ሆነ ድርሻ አይገልጽም፤ ነገር ግን እገዳውን ያየ ገዢ ሁለተኛ ባላደራ እንዲሾም ይጠይቃል።

እንግዲህ ሁለተኛው ባላደራ ማን ይሁን የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። የ1987ቱ ፍርድ እንዳሳየን፣ ባልና ሚስት በአንድነት ባላደራ ሲሆኑ ፊርማው ሁለት ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ጥቅሙ ከወንድ ልጁ ጋር ያልተያያዘ፣ ለምሳሌ እናት ራሳቸው ወይም የታመነ አጎት ቢሆን ይሻላል። ታናሺቱም 18 ዓመት ሲሞላት ስሟን ማስገባት ይቻላል፤ ሕጉ የስም ባለቤቶችን ቁጥር እስከ አራት ይፈቅዳልና።

ወረቀቱም ቤቱ ከመገዛቱ በፊት ወይም በተገዛበት ቀን ቢጻፍ መልካም ነው። በውስጡ እያንዳንዱ ያዋጣው ገንዘብና ድርሻው ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፣ ኪራይና የእድሳት ወጪ እንዴት እንደሚካፈል፣ ከመካከላቸው አንዱ መሸጥ ሲፈልግ ሌሎቹ ቅድሚያ ገዝተው ለማስቀረት ስንት ጊዜ እንደሚሰጣቸው ይጻፍ። ወንድ ልጁም በምስክር ፊት ይፈርምበት። ጠበቃው ለእናት የሚያስረዳው ልጁ በሌለበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል፤ ገንዘቡ የተላለፈበት የባንክ ደረሰኝም ከወረቀቱ ጋር ይቀመጥ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውቃለን። በአገራችንም በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ይናገራል፤ ነገር ግን የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ በለንደን ስላለው ቤት የተጻፈውን በአዲስ አበባ ላለው ቤት እንዳለ መቁጠር አይገባም። የሁለቱ ቤቶች ጉዳይ በየአገሩ ሕግ ለየብቻ ይታይ፤ ወረቀቱም ለየብቻ ይጻፍ።