ፊውዙ ደህና ሆኖ የሚነድ ሽቦ

ሚኒባስ ላይ የተጨመረ ሙዚቃ ድንገት ሲጠፋ ሹፌሩ ፈጥኖ የሚያወጣው ፊውዙን ነው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ ካልተበጠሰ «ሽቦው ደህና ነው» ይልና አምፕሊፋየሩን ወደ ማስፈታት ይሄዳል። የላስቲክ ቃጠሎው ሽታ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሽቦውን ከባትሪው ወይም ከመኪናው ቦዲ ጋር ከምታስረው ትንሽ ቀለበት አንገት ነው።

ፊውዝ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈውን የኮረንቲ መጠን። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ከቦዲው ጋር ሲነካካ ኮረንቲው በአንዴ ያሻቅባል፣ ፊውዙም ይበጠሳል። ቀለበቷ ሽቦውን በደንብ ካልጨበጠች ግን ኮረንቲው አይጨምርም፤ እንዲያውም መንገዱ ስለጠበበት ትንሽ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን እዚያችው ቦታ ላይ ይከማቻል። ልቅ የሆነ መጋጠሚያ 0.05 ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና 25 አምፔር ቢያልፍበት 31 ዋት ሙቀት ያወጣል። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበት ካውያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ደግሞ 25 አምፔር ሲያልፍበት ምንም የተለየ ነገር አያይም። ስለዚህ ፊውዙ የቀለበቷን ስህተት አይሸፍንም፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ትክክል መሆን አለባቸው።

አንድ የተለመደ ሥራ እንውሰድ። ባለ 12 ቮልት ሚኒባስ ነው። ባለቤቱ በአራት ቻናል በድምሩ 200 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየርና ጣሪያው ላይ የሚለጠፍ 5 ሜትር የኤልኢዲ መብራት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ከሚወስደው ኃይል ከፊሉን በሙቀት ስለሚያጠፋው፣ ሙሉ ድምፅ ሲለቀቅ ከባትሪው 27 አምፔር ገደማ ይስባል። መብራቱ በሜትር 14.4 ዋት የሚወስደው ዓይነት ከሆነ በጠቅላላው 72 ዋት፣ ማለትም 6 አምፔር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፊውዝ የሚመረጠው ሽቦውን ለማዳን ነው፤ አምፕሊፋየሩ የራሱ ፊውዝ ጀርባው ላይ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሽቦው ይመረጣል። ለአምፕሊፋየሩ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ እንዘርጋ። ከባትሪው እስከ ኋላ ወንበር 5 ሜትር ቢሆን፣ በሙሉ ድምፅ ጊዜ በመንገድ የሚጠፋው 0.4 ቮልት ያህል ነው፤ ይህ የሚቻል ነው። ይህ ሽቦ 30 አምፔር ያለ ችግር ስለሚሸከም ፊውዙ 30 ይሆናል፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ለመብራቱ 1.5 ካሬ ሽቦ ይበቃል፣ ፊውዙም 10፣ ቀዩ። ለ6 አምፔር 7.5 አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። መብራት ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ኮረንቲ ይስባል፤ ፊውዝ ደግሞ እንዲህ ላለው ሥራ ከልኩ ሦስት አራተኛ በላይ ባይጫንበት ይመረጣል፣ አለዚያ ያለ ጥፋቱ ያረጃል። ሙዚቃ ግን ከፍ ዝቅ ስለሚል አማካዩ ከ27 በጣም ያነሰ ነው፤ ለዚህ ነው 30 የሚበቃው።

ሽቦ ስትገዙ በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ ክሮቹን እዩ። ውስጣቸው ነጭ ከሆነ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ተቃውሞው ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ በቀለበት ሲጨመቅም በጊዜ ብዛት ይላላል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የሽቦው ውፍረት ራሱ ያታልላል፤ ወፍራም ልባስ ውስጥ ቀጭን መዳብ የተሸጎጠበት ሞልቷል። የፊውዝ ቤትም እንዲሁ ነው። ላዩ ላይ 30 አምፔር ተጽፎበት ከእሱ የሚወጡት ሽቦዎች እንደ ክር የቀጠኑ ከሆኑ ተዉት፤ እነሱ ከፊውዙ ቀድመው ይነዳሉ። የፊውዝ ቤቱ የሚቀመጠው ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ነው። ኋላ ወንበር ስር፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ከታሰረ ከባትሪው እስከዚያ ያለው 5 ሜትር ሽቦ ጠባቂ የለውም።

አሁን ወደ ቀለበቷ። ፕላስቲክ ያላቸው ቀለበቶች በቀለማቸው ይለያሉ፦ ቀይ እስከ 1.5 ካሬ፣ ሰማያዊ እስከ 2.5፣ ቢጫ ለ4 እና ለ6። የእኛ የአምፕሊፋየር ሽቦ ቢጫ ይፈልጋል፣ ቀዳዳውም ከሚታሰርበት ቡሎን ጋር እኩል ይሁን። ለ6 ሚሊ ቡሎን የ8 ሚሊ ቀዳዳ ማስገባት የሚገናኘውን ገጽ ያሳንሰዋል። ልባሱን የቀለበቷን ቱቦ ርዝመትና 1 ሚሊ ያህል ትርፍ ለኩና ላጡ። በጥርስ ወይም በቢላ ሲላጥ ጥቂት ክሮች አብረው ይቆረጣሉ፤ ያን ጊዜ 6 ካሬው 5 ካሬ ሆነ ማለት ነው። ክሮቹን ሁሉ ሳታጥፉ አስገቡ፤ ጫፋቸው በቱቦው ማዶ ትንሽ ብቅ ሲል ይታይ።

ጭመቃው በመጭመቂያ ፒንሳ ነው። ጥሩው ዓይነት መጨረሻው ድረስ ሳይጫን አፉን አይከፍትም፤ ዋጋው ከተራው ፒንሳ ቢበልጥም ዋጋውን ያወጣል። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ቱቦ ተደፍጥጦ ይሰፋል እንጂ ክሮቹን ከየአቅጣጫው አያጠብቃቸውም። አንዳንድ ባለሙያ ከመጭመቁ በፊት ክሮቹን በብየዳ እርሳስ ያጠነክራል። ይህ ጥንቃቄ ይመስላል፣ ነገር ግን እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ ከጭመቃው ስር ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ሽቦውም እርሳሱ ባለቀበት መስመር ላይ በንዝረት ይሰበራል። የኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚውል ሚኒባስ ደግሞ ንዝረት አያጣም። ከተጨመቀ በኋላ ቀለበቷን ይዛችሁ ሽቦውን ባላችሁ ጉልበት ጎትቱ። ከወጣ መንገድ ላይ ሊወጣ የነበረው ነው፤ ቆርጣችሁ በአዲስ ቀለበት ድገሙት፤ አንዴ የተጨመቀች ቀለበት ሁለተኛ አታገለግልም።

የማሳው ጫፍ ይረሳል። ኔጋቲቩ ልክ እንደ ፖዘቲቩ 27 አምፔር ያሳልፋል፣ ስለዚህ ውፍረቱም ያው 6 ካሬ ነው። ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የታሰረ ቀለበት የሚነካው ቀለሙን ነው፤ ብረቱ እስኪያበራ ፍቃችሁ፣ በሮንዴላና በቡሎን አጥብቃችሁ፣ ከላይ ዝገት እንዳይገባ ግሪስ ቀቡት።

ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ ሙዚቃውን ከፍ አድርጉና ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን ቀለበቷ የታሰረችበት ቡሎን ላይ ያዙ። በደህና መጋጠሚያ የሚታየው ከጥቂት ሚሊቮልት አይዘልም። 0.1 ቮልት ካለፈ መጋጠሚያው ይፈታ። ቴስተር ከሌለ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙዚቃውን አጥፍታችሁ አንገቷን በእጅ ንኩ፤ ከሽቦው በግልጽ ከሞቀች መልሱ ያው ነው።

ፊውዝ 30 ላይ ሲደርስ ወዲያው አይበጠስም፤ 40 አምፔር እያለፈበት እስከ 10 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ የተበጠሰ 30 ቀላል ነገር አይደለም፣ በ40 መተካትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሽቦው የት እንደተላጠ ይፈለግ። ሹፌሮች፣ የሲጋራ ወረቀቱን ብልጭልጭ ፊውዝ ቤት ውስጥ አታስገቡ። የመብራቱ 1.5 ካሬ ሽቦ ጣሪያው ውስጥ ተልጦ ከቦዲው ጋር ቢገናኝ ከ150 አምፔር በላይ ሊያልፍበት ይችላል፤ ይህም ከተሳፋሪው ራስ በላይ ባለው ሽቦ ላይ ብቻ ከ1000 ዋት የበለጠ ሙቀት ነው።