የአሮጌ ፎቶግራፍ ጭረት በሥዕል ላይ ጠባሳ እንዳይሆን

በኮልፌ ቀራንዮ፣ እንደ ሌሎቹ ነባር የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ የወላጅ ወይም የአያት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ዛሬ ልጆች ያንኑ ምስል በኮምፒዩተር የዘይት ቀለም ሥዕል አስመስለውና አጉልተው በማሳተም ለሙት ዓመት መታሰቢያ ወይም ለበዓል ስጦታ ያደርጉታል። ውጤቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳዝናል። በፎቶግራፉ ላይ ልብ ያልተባለች ቀጭን ጭረት በሥዕሉ ላይ በጉንጭ የተጋደመ ጠባሳ ሆና ትወጣለች።

ይህ የሚሆነው ለምስል የሥዕል መልክ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ጭረትን ከፊት መስመር ስለማይለዩ ነው። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበትን ጠርዝ እየፈለጉ ያጎላሉ፤ ለእነርሱ የአፍንጫ ጠርዝም ሆነ የጭረት ጠርዝ ያው ጠርዝ ነው። የወረቀቱን ብናኝና ነጠብጣብም እንደ ብሩሽ ምት ቆጥረው ያደምቁታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ጭረቱ ይጠገናል፣ ቀጥሎ ነጠብጣቡ ይለዝባል፣ ከዚያ ምስሉ ይጎላል፣ የሥዕል መልክ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው።

ለአብነት ያህል 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ እንውሰድ። በስካነር በ600 ዲፒአይ ሲነበብ 1417 በ2126 ፒክስል ያህል ይሆናል። በ30 በ45 ሴንቲ ሜትር በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በ300 ዲፒአይ፣ ለማሳተም ግን 3543 በ5315 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ምስሉ ሁለት እጥፍ ተኩል መጉላት አለበት ማለት ነው። ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚሰፋ ጭረት በመጀመሪያው ንባብ ላይ ሁለት ፒክስል ያህል ብቻ ስለሚይዝ በአጠገቡ ባለው ቆዳ በቀላሉ ይሸፈናል። ከጎላ በኋላ ግን ስድስት ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ጠርዙም ስለሚደበዝዝ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለመለየት ያስቸግራል።

በነፃ በሚገኘው ጂምፕ ለጥገናው የሚያገለግለው መሣሪያ `Heal` ነው። ብሩሹ ከጭረቱ በጥቂቱ ብቻ ሰፍቶ፣ በአጭር በአጭሩ መሠራት ይኖርበታል። በዓይን የማይታየውን ጭረት ለማግኘት የምስሉ ቅጂ ንፅፅር ለጊዜው በጣም ከፍ ይደረጋል፤ ሥዕሉ ላይ ሊወጣ የተዘጋጀው እንከን ሁሉ ያን ጊዜ ይጋለጣል። ነጠብጣቡን ለማለዘብ `Noise Reduction` በትንሹ ይበቃል። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ የነጠላው ሽመናና የሹሩባው ጉንጉን ጠፍቶ ፊቱ እንደ ሰም ይለሰልሳል። ማጉላቱ የሚከናወነው ከዚህ በኋላ በ`Scale Image` ነው።

ምንጩ ራሱ ደካማ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ብዙም አይረዳም። ፎቶግራፉ በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ በስምንት በስምንት ፒክስል እየተከፈለም ይታመቃል። ሲጎላ እነዚያ አራት ማዕዘኖች በግንባርና በጉንጭ ላይ ይታያሉ፤ የሥዕል ማጣሪያውም ያደምቃቸዋል። በስካነር አንብቦ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል።

ዓይኑ በጥቂት ፒክስል ብቻ የተወከለ ፊትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጉልተው የሚያጠሩ መሣሪያዎችም አሉ። ጉድለቱን የሚሞሉት ግን ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማሩት ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ ዘመድ ግን «እሷን አትመስልም» ይላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚደርሰው በንቅሳት ላይ ነው። በአንገት ዙሪያ የተነቀሰ መስመር ወይም በግንባር ላይ ያለ መስቀል ለጥገና ፕሮግራምና ለማያውቅ ባለሙያ ጭረት ሊመስል ይችላል፤ በአንድ ምትም ይጠፋል። በቀለሙ ብቻ መለየት አያስተማምንም። ወረቀቱ ሲቧጨር ጭረቱ ነጭ ቢሆንም፣ የፊልሙ ምስል ያዥ ሽፋን የተፋቀ እንደሆነ በኅትመቱ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣልና። አስተማማኙ ምልክት አካሄዱ ነው። ጭረት ቆዳውን አልፎ በነጠላውና በጀርባው ግድግዳ ላይ ይቀጥላል፤ ንቅሳት ግን የአንገቱን ክብነት ተከትሎ ይታጠፍና ልብሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ መስመሩን ሳይነኩ መተውና ባለታሪኳን በአካል የሚያውቁ አረጋዊ ዘመድን መጠየቅ ይገባል። ያልተነካው የመጀመሪያ ንባብም ለብቻው ሊቀመጥ ይገባል፤ የጠፋ ንቅሳት የሚመለሰው ከእርሱ ብቻ ነው።